ግሡ ከሴት ወይም ከብዙ ባለቤት ጋር ተስማምቷል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ማመልከቻ፣ ማስታወቂያ ወይም የቤት ሥራ የሚጽፉ ሰዎች አንዲትን ዓረፍተ ነገር ይዘው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ግሡ ከባለቤቱ ጋር ተስማማ የሚባለው መቼ ነው?

የአማርኛ ግሥ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ በራሱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። «መጣ» ካልን አንድ ወንድ ነው፤ «መጣች» አንዲት ሴት ናት፤ «መጡ» ብዙዎች ናቸው። ለወደፊቱ «ይመጣል፣ ትመጣለች፣ ይመጣሉ» እንላለን፤ ላለቀ ነገር ደግሞ «መጥቷል፣ መጥታለች፣ መጥተዋል»። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ባለቤት እና ግሡ የተሸከመው ምልክት አንድ ሰው ካላመለከቱ ስምምነቱ ፈርሷል።

ከመነሻው መያዝ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ወንድና ሴት የሚለዩት በነጠላ ብቻ ነው። «ወንዶቹ መጡ» እና «ሴቶቹ መጡ» ግሣቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ብዙ ከሆነ ስለ ጾታው መጨነቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ ምልክቱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አይደለም። «ትመጣለች» ውስጥ ሴትነቷ ፊት ባለው «ት»ም ኋላ ባለው «ች»ም ይታያል። «ስትመጣ» ላይ ግን ኋላ ምንም የለም፤ ያለው ፊቱ ላይ ብቻ ነው። መጨረሻውን ብቻ የሚያይ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በከተማው ሲዳሙ አፎ አፋቸውን የፈቱ ብዙዎች ስላሉ አንድ ነገር እንጨምር። በሲዳሙ አፎ «እሷ መጣች» እና «እነሱ መጡ» በአንድ የግሥ መልክ ይነገራሉ። አማርኛ ሁለቱን ይለያል። ስለዚህ ከሲዳሙ አፎ እያሰበ ወደ አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንድ የነበረውን መልክ ለሁለት መክፈል ይኖርበታል፤ «ች» ወይስ «ኡ» የሚለውን ጥያቄ ቆም ብሎ መጠየቁ አይከፋም።

በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤቱ የትኛው ስም እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ከመጀመሪያው ቃል አይነሱ፤ ከመጨረሻው ይነሱ። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ፣ ማሠሪያ አንቀጹ፣ ያለው እዚያ ነው። ግሡን ይዘው «ማን?» ወይም «ምን?» ብለው ይጠይቁ፤ «ማንን?» ብለው ግን አይጠይቁ። «ልጅቷን ባጃጅ ገጫት» በሚለው ውስጥ ማን ገጨ? ባጃጅ። ማንን? ልጅቷን። ስለዚህ ባለቤቱ ባጃጅ ነው፣ ድርጊቱ ያረፈባት ተሳቢ ደግሞ ልጅቷ ናት፤ ግሡም የወንድ መልኩን ይዞ «ገጨ» ሆኗል። ጫፉ ላይ ያለው «ት» የተገጨችውን ልጅ ነው የሚያመለክተው። «ልጅቷ ገጨች» ብንል ነገሩ ይገለበጣል፤ ባጃጇን የያዘችው እሷ ሆነች ማለት ነው። የሴት ባለቤት ምልክቱ «ች» ነው፤ የሴት ተሳቢ ምልክቱ «አት» ነው። ይህቺን ልዩነት የያዘ ሰው ከስህተቶቹ ግማሹን አስቀርቷል።

«ን» የለጠፈ ስም ባለቤት አይሆንም። ከፊቱ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ወደ» ያለበት ስምም አይሆንም። ብዙ ሰው የሚስተው ግን «የ» ያለበትን ስም ነው። «የተማሪዎቹ ውጤት ተለጠፉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዓይኑ የያዘው ተማሪዎቹን ነው፤ የተለጠፈው ግን ውጤቱ ነው፣ እሱም አንድ ነው። ትክክሉ «የተማሪዎቹ ውጤት ተለጠፈ» ነው። «የ» ያለበት ስም የኋለኛውን ስም ይገልጻል እንጂ ግሡን አያዝም። «ከሴቶቹ አንዷ መጣች» ላይም እንዲሁ ነው፤ ግሡን የያዘችው «አንዷ» ናት፣ «ሴቶቹ» አይደሉም።

በመጨረሻ ያገኙትን ስም አንስተው በቦታው «እሱ»፣ «እሷ» ወይም «እነሱ» ያስገቡ። «እሱ ተለጠፈ» ይላል፤ ውጤቱ እሱ ነው፤ ተስማምቷል። አጭር ሙከራ ናት፣ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ዓይን የሚስተውን ጆሮ ይይዘዋል።

አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዴት ይፈተሻል?

ይህን እንውሰድ፦ «በአሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው ሴት ትናንት ያዘጋጀቻቸው ቆሮሶዎች ከቀትር በፊት አለቁ።» ቆሮሶ የዓሣ ዓይነት ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ግሦች አሉ፤ «የምትሸጠው»፣ «ያዘጋጀቻቸው»፣ «አለቁ»። ሦስቱም ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ሦስቱም የግድ አንድ ባለቤት የላቸውም።

ከመጨረሻው እንጀምር። ምን አለቀ? ቆሮሶዎቹ። «እነሱ አለቁ»፤ ተስማምቷል። ሴትዮዋ በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ጎልታ ብትታይም «አለቁ» ከሚለው ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ቀጥሎ «ያዘጋጀቻቸው»። ማን አዘጋጀ? ሴትዮዋ፤ ስለዚህ «ች» አለ። ምንን? ቆሮሶዎቹን፤ ስለዚህ ከ«ች» ቀጥሎ «አቸው» መጣ። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ምልክት አለ፤ መጀመሪያ የሚመጣው የባለቤቱ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የተሳቢው ነው። በመጨረሻ «የምትሸጠው»። ማን ይሸጣል? ሴትዮዋ፤ ምልክቷ መሐል የገባችው «ት» ናት። ጫፉ ላይ ያለው «ው» ወንድነት አይደለም፤ «የትኛዋ ሴት?» ለሚለው መልስ ሆኖ ሴትዮዋን የታወቀች የሚያደርግ ነው። «የመጣችው ልጅ» ስንልም ያው «ው» ይመጣል።

አሁን ፈተናውን እንሥራ። አንዱን ስም ብቻ ለውጠን የትኞቹ ግሦች እንደሚንቀሳቀሱ እንይ። ሴቷን ወደ ሴቶች ብንቀይር፦ «በአሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ትናንት ያዘጋጇቸው ቆሮሶዎች ከቀትር በፊት አለቁ።» ሁለቱ ግሦች ተለወጡ፤ «አለቁ» ንቅንቅ አላለም። ሴቷን መልሰን ቆሮሶዎቹን አንድ ብናደርጋቸው ደግሞ፦ «ዓሣ የምትሸጠው ሴት ትናንት ያዘጋጀችው ቆሮሶ ከቀትር በፊት አለቀ።» አሁን «የምትሸጠው» በቦታው ቀረ፤ «ያዘጋጀችው» የተለወጠው ተሳቢውን በሚያመለክተው ጫፉ ብቻ ነው፤ «አለቀ» ግን ሙሉ በሙሉ ዞረ። ስሙ ሲለወጥ አብሮ መለወጥ የነበረበት ግሥ ካልተለወጠ ስህተቱ እዚያ ነው።

በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር በብዛት የሚገኘው ስህተት «ያዘጋጀችው ቆሮሶዎች አለቀ» የሚል ነው። ሁለት ጊዜ ተስቷል። ቆሮሶዎቹ ብዙ መሆናቸው በስሙ ላይ ተጽፎ ሳለ ሁለቱም ግሦች አንድ ዓሣ እንዳለ አድርገው ነው የሚናገሩት። ወይ ስሙን ወደ «ቆሮሶ» መመለስ፣ ወይ ግሦቹን ወደ «ያዘጋጀቻቸው» እና «አለቁ» ማምጣት ነው፤ ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፣ ግማሽ ግማሹ ግን አያስኬድም።

«ው» ያለበት ግሥ ሁሉ የወንድ ነው?

አይደለም። ይህች ፊደል ብዙ ሥራ ስላለባት ነው ሰውን የምታደናግረው። «ገዛው» ላይ የተገዛውን ነገር ታመለክታለች። «የመጣችው» ላይ ስሙን የታወቀ ታደርጋለች። «አጥበው» ላይ ደግሞ የብዙ ባለቤት ምልክት ናት፤ «አጥቦ» እሱ፣ «አጥባ» እሷ፣ «አጥበው» እነሱ።

ሦስተኛው ሥራዋ ግሦች ተከታትለው ሲመጡ ይፈተናል። «ሴቶቹ ዓሣውን አጥበው፣ ቆራርጣ ለምግብ ቤቱ አስረከቡ» ቢባል መጀመሪያውና መጨረሻው ደህና ነው፤ መሐሉ ግን ወደ አንዲት ሴት ሾልኳል። «አጥበው፣ ቆራርጠው፣ አስረከቡ» መባል አለበት። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲታረም ማሠሪያውን ብቻ አይቶ ማለፍ ልማድ ነው፤ የተበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሐል ላይ ያለው ነው፣ በተለይ ጸሐፊው አንድ ሰው ብሎ ጀምሮ ኋላ ወደ ብዙ ቀይሮ ከሆነ።

«ስትመጣ» እና «አትመጣም» ስለ እሷ ነው ወይስ ስለ አንተ?

ለሁለቱም ይሆናል። «ትመጣለች» እና «ትመጣለህ» የሚለዩት በጅራታቸው ነው። «ስ»፣ «እንድ»፣ «ብ» ከፊት ሲገቡ ወይም ግሡ በ«አ…ም» አሉታ ሲሆን ያ ጅራት ይወድቃል። ስለዚህ «ስትመጣ ንገረኝ» ሲባል እሷ ስትመጣ ይሁን አንተ ስትመጣ ከዓረፍተ ነገሩ ብቻ አይታወቅም። ስህተት አይደለም፤ አሻሚ ነው እንጂ። ስሙን ወይም «እሷ»ን መጨመር ይበቃል፦ «እሷ ስትመጣ ንገረኝ»።

ስህተት የሚሆነው «እህቴ ነገ አይመጣም» ሲባል ነው። የ«ይ» እና የ«ት» ጉዳይ አሉታ ላይም አይቀርም፤ እሱ «አይመጣም»፣ እሷ «አትመጣም»፣ እነሱ «አይመጡም»። ላለፈ ጊዜ ግን ጅራቱ አይወድቅም፤ «አልመጣም፣ አልመጣችም፣ አልመጡም» ስለሚል ያን ያህል አያስቸግርም።

«አምስት ሰው መጣ» ነው ወይስ «አምስት ሰዎች መጡ»?

ሁለቱም ትክክል ነው። ቁጥር ከፊት ካለ አማርኛ ስሙን በነጠላ መተው ይፈቅዳል፤ ብዛቱን ቁጥሩ ተናግሮታልና። ግሡ የሚከተለው ስሙ የያዘውን መልክ ነው። ስሙ «ሰው» ሆኖ ከቆየ «መጣ»፤ «ሰዎች» ከሆነ «መጡ»። «ብዙ ሰው መጣ» እና «ብዙ ሰዎች መጡ» በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። የሚጎረብጠው ማደባለቁ ነው፤ «አምስት ሰዎች መጣ» የሚል ጽሑፍ መታረም አለበት። «አምስቱ» ብለን የታወቁ ካደረግናቸው ግን ሰዎቹ ተለይተው ስለሚታዩ «አምስቱ ሰዎች መጡ» የሚለው ይሻላል። ሚዛን ወይም መጠን ሲሆን ነጠላው ይመረጣል፦ «አሥር ኪሎ ዓሣ ተሸጠ»።

እዚህ ላይ የሚያጠምደው ከግዕዝ የመጣው ብዙ ቁጥር ነው። «መምህራን»፣ «ሕፃናት»፣ «ቀናት»፣ «መጻሕፍት» ጫፋቸው ላይ «ኦች» ስለሌለ ዓይን እንደ ነጠላ ያልፋቸዋል፤ «መምህራኑ ገባ» የሚለው ስህተት የሚወለደው ከዚህ ነው። ብዙ ናቸውና «መምህራኑ ገቡ»፣ «ሦስት ቀናት አለፉ» ይባላል። ብዙነታቸው አልታይ ያላቸው ሰዎች ደግሞ «መጻሕፍቶች»፣ «ቀናቶች» ብለው ድርብ ያደርጓቸዋል፤ በንግግር ቢለመድም በጽሑፍ አንዱ ይበቃል።

«ሕዝብ»፣ «ኮሚቴ»፣ «ሁሉም»፣ «እያንዳንዱ» እንዴት ይያዛሉ?

ብዙ ሰው በውስጣቸው ቢኖርም «ሕዝቡ ተሰበሰበ»፣ «ኮሚቴው ወሰነ» ይባላል፤ ግሡ የሚያየው የቃሉን መልክ ነው። አባላቱን ለየብቻ ማሳየት ከፈለጉ ስም ይጨምሩ፦ «የኮሚቴው አባላት ወሰኑ»። «እያንዳንዱ» ሁልጊዜ ነጠላ ነው፤ ለሴት «እያንዳንዷ ሴት ፈረመች» ይባላል። «ሁሉም» ግን ከኋላው የመጣውን ይከተላል፦ «ሁሉም ተማሪ መጣ»፣ «ሁሉም ተማሪዎች መጡ»፣ ስም ሳይከተለው ብቻውን ሰዎችን ሲያመለክት ደግሞ «ሁሉም መጡ»።

ሁለት ባለቤት ሲኖር ግሡ ማንን ይከተላል?

በ«ና» ከተያያዙ ብዙ ይሆናሉ፦ «ሃናና ወንድሟ መጡ»። ከመካከላቸው «እኔ» ካለ ግሡ ወደ «እኛ» ይዞራል፤ «እኔና እህቴ ሄድን»። «እኔ» ሳይኖር «አንቺ» ወይም «አንተ» ካለ ወደ «እናንተ»፤ «አንቺና እህትሽ ትሄዳላችሁ»።

«ከ…ጋር» ግን ሰው አይጨምርም። «ሃና ከወንድሟ ጋር መጣች» እንጂ «መጡ» አይደለም፤ ወንድሟ «ከ» ስላለበት ባለቤት መሆን አይችልም። በ«ወይም» ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። «ወንድሜ ወይም እህቴ ይመጣል» ቢባል እህቴ ትቆጣለች፤ «ትመጣለች» ቢባል ወንድሜ ቀረ። አንዳንዶች ለግሡ የቀረበውን ይከተላሉ። እኛ የምንመርጠው ግሡን ደግሞ መጻፍ ነው፦ «ወይ ወንድሜ ይመጣል፣ ወይ እህቴ ትመጣለች»። ቃል ቢጨምርም ክርክሩን ይዘጋል።

«ናት» ነው ትክክሉ ወይስ «ነች»?

ሁለቱም። የሚያስገርመው የአመጣጣቸው ነገር ነው። «ነው፣ ናት፣ ናቸው» የተሠሩት ለተሳቢ በምንጠቀምባቸው ጫፎች ነው፤ «ገጨው፣ ገጫት፣ ገጫቸው» ከሚለው ጋር ያነጻጽሯቸው። «ነች» ደግሞ «መጣች»ን መስላ የባለቤት ምልክቱን ይዛለች። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ጥሩ ነው። «እህቴ ነርስ ነው» ግን በየትኛውም መንገድ አይታለፍም።

ከተማ፣ መኪና፣ ፀሐይ… ነገሮች ሴት ናቸው ወይስ ወንድ?

ፀሐይና ጨረቃ ብዙውን ጊዜ በሴት ይጠራሉ፤ «ፀሐይ ወጣች»። አገርና ከተማም ወደ ሴት ያዘነብላሉ። መኪና ግን በሁለቱም ይሄዳል። ትንሽ ወይም የተወደደ ነገርም ወደ ሴት ይዞራል፤ «ቤቷ ጠባብ ናት፣ ግን ትመቻለች» የሚል ሰው ቤቱን ማቆላመጡ ነው። ስለዚህ ለግዑዝ ነገር «ይህ ብቻ ነው ትክክሉ» ብሎ መፍረድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

የሚፈረደው በወጥነቱ ላይ ነው። ጾታው አንዴ ከተመረጠ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ያንኑ መያዝ አለበት። «ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ነው» የሚለው መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሯል፤ ወይ «የተቆረቆረች ከተማ ናት»፣ ወይ «የተቆረቆረ ከተማ ነው»። ሲፈትሹ አራት ቦታ ይመልከቱ፦ «ይህ» ወይም «ይህች» የሚለውን፣ የስሙን ጫፍ («ከተማው» ወይስ «ከተማዋ»)፣ በ«የ» የሚጀምረውን ግሥ፣ ማሠሪያውን። «ከተማዋ በፍጥነት አድጓል» የሚለው ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ ስሙ ላይ «ዋ» ካለ ግሡ «አድጋለች» ይሆናል።

ባለቤቷ አንዲት ሴት ሆና ግሡ «መጡ» የሚለው ለምንድን ነው?

አክብሮት ነው። «እትዬ አልማዝ መጡ» ሲባል እትዬ አልማዝ አንድ ናቸው፤ ግሡ ግን የብዙውን መልክ ይዟል። «እማማ»፣ «አባባ»፣ «ጋሼ»፣ «ወይዘሮ» የሚል መጠሪያ ከፊት ካለ ይህን መጠበቅ ነው። ጾታው ከግሡ ላይ ይጠፋል፤ የሚታወቀው ከስሙ ብቻ ነው። ቅድም ያየነውን ዓረፍተ ነገር «ዓሣ የሚሸጡት ሴት ያዘጋጇቸው ቆሮሶዎች አለቁ» ብለን ብንጽፈው ስህተት አልሠራንም፤ ሻጯን አንቱ ብለናቸዋል። «ሴት» በነጠላ መቆየቱ ነው አክብሮት መሆኑን የሚያሳብቀው፤ ብዙ ቢሆኑማ «ሴቶች» ይባል ነበር።

ስህተት የሚሆነው አክብሮቱ መሐል ላይ ሲፈርስ ነው። «ወይዘሮ አልማዝ ንግግራቸውን ጨርሰው ወጣች» ውስጥ «ንግግራቸውን» እና «ጨርሰው» አንቱ ይላሉ፤ «ወጣች» አንቺ ወደሚባሉበት አወረደቻቸው። ወይ «ንግግራቸውን ጨርሰው ወጡ»፣ ወይ «ንግግሯን ጨርሳ ወጣች»። ለማመልከቻና ለግብዣ ወረቀት የመጀመሪያው ነው የሚስማማው። ሲያርሙ ከግሡ ሌላ «…አቸው» የሚሉትን የስም ጫፎችም መቁጠር አይርሱ፤ የሚያፈተልከው እዚያ ነው።

«እህቴ ራባት» ውስጥ «ች» የታለ? ስህተት ነው?

ስህተት አይደለም። «ራበ»፣ «ጠማ»፣ «አመመ»፣ «ቸገረ» የሚሉት ግሦች ሰውየውን ባለቤት አያደርጉትም፤ ተሳቢ ያደርጉታል። ረሃቡ መጥቶ እሷን እንደያዛት ነው የሚነገረው። ስለዚህ ግሡ በወንድ ነጠላ ይቆማል፤ የሚለወጠው ጫፉ ነው፦ «ራበው፣ ራባት፣ ራባቸው»። «ልጆቹ ራባቸው» ትክክል ነው፤ «ልጆቹ ራቡ» አይባልም።

እዚሁ አጠገብ መንታ ግሥ አለ፤ የሚያደናግረውም እሱ ነው። «ተራበ»፣ «ተጠማ»፣ «ታመመ»፣ «ተቸገረ» ስንል ሰውየው ራሱ ባለቤት ይሆናል፤ ስለዚህ ሙሉ ስምምነት ይፈለጋል፦ «ተራበች፣ ተጠማች፣ ታመመች፣ ተቸገሩ»። «እህቴን አመማት» እና «እህቴ ታመመች» ጎረቤት ናቸው፤ የመጀመሪያው «አት» ይጠይቃል፣ ሁለተኛው «ች»። «እህቴ አመመች» ካሉ ግን ሁለቱን መንታዎች አጣብቀዋል፤ እሷ ሌላ ሰው የምታሳምም መሰለች። ግሡን ከነ«ተ»ው ማየት ይበቃል፤ ካለበት እንደ «መጣች» ያስኪዱት፣ ከሌለበት እንደ «ገጫት»።

«ሁለት ልጆች አላት» ነው «አሏት»?

በንግግር ሁለቱም ይሰማል። በጥንቃቄ ለሚጽፍ ሰው ግን «አሏት» ነው፤ ምክንያቱም የ«አለ» ባለቤት እናትየዋ አይደለችም፤ ያሉት ልጆቹ ናቸው። «አሉ» ልጆቹን ይከተላል፣ «አት» እናትየዋን ይጠቁማል፤ ተጣብቀው «አሏት» ይሆናሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ማን አላት?» ሳይሆን «ምን አለ?» መሆን አለበት።

በዚህ ሚዛን ስናስኬደው፣ «እናቴ ቤት አላት» ውስጥ ቤቱ አንድ ስለሆነ «አለ» እና «አት» ተጣመሩ። «እናቴ አንዲት እህት አለቻት» ውስጥ ያለችው እህት ሴት ስለሆነች «ች» ገባ፤ «አት» እንዳለ ቀረ። «አባቴ አንዲት እህት አለችው» ብንል ደግሞ «ች» የቆየው ለእህት ነው፤ አባትየውን የሚያመለክተው «ው» ነው። «አባቴ» ብሎ በሚጀምር ዓረፍተ ነገር ላይ «ች» አይቶ ለመሰረዝ እጁን የሚያነሳ አራሚ ይህን ይጠብቅ፤ ደህናውን ዓረፍተ ነገር ሊያበላሽ ነው። ያለፈው ጊዜ «ነበራት፣ ነበረቻት፣ ነበሯት»፣ አሉታው «የላትም፣ የለቻትም፣ የሏትም» እያለ በዚያው ሥርዓት ይሄዳል።